አራት በመቶ እና የሠላሳ አምስት ዓመቱ ጡረተኛ

ጎንደር ውስጥ አንዲት ቁጥር እየተዘዋወረች ነው። ፒያሳ ቡና ቢጠጡ፣ ወደ አዘዞ ታክሲ ቢሳፈሩ፣ መሐላቸው ከውጭ የተመለሰ ወጣት ካለ ወሬው ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ያርፋል። «አራት በመቶ» ትባላለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገንዘብህን ሰብስብ፣ በየዓመቱ አራት በመቶውን ብቻ አውጥተህ ብላ፣ ዕድሜ ልክህን አያልቅብህም። ታዲያ ስድሳ ዓመት እስኪሞላህ ምን አስጠበቀህ? በሠላሳ አምስት ዓመትህ ጡረታ ውጣ!

መቼም ጠዋት ተነስቶ የአለቃ ፊት ላለማየት የማይመኝ የለም። እኔም ብሆን እመኛለሁ። ዳሩ ግን ቁጥሯ ከየት እንደመጣች፣ ለማን እንደተሰፋች ሳይጠይቁ መልበስ አያዋጣም። የሰው ኮት እጅጌው ይረዝማል ወይም ያጥራል።

ይህን እንዳነሳ ያደረገኝ አንድ ወዳጄ ነው። ስሙ ይቆየን። አረብ አገር አሥራ ሁለት ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ደክሟል፤ ዕድሜው 35 ነው። እጁ ላይ 6 ሚሊዮን ብር አለ። ለፈቃድ መጥቶ ሳለ የሥራ ውሉን ላድስ ወይስ ልተው እያለ ያወጣ ያወርድ ነበር። እናቱ ደባርቅ ናቸው፤ «ልጄ ይበቃሃል፣ ና አጠገቤ ሁን» ይሉታል። አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጣና «ስማ አንተ ልጅ፣ ይኸውልህ ሒሳቡ። የ6 ሚሊዮን አራት በመቶ 240 ሺህ ነው። በወር 20 ሺህ ብር። ቤት የራሴ ነው፣ ትዳር ገና አልያዝኩም። ምን ጎደለኝ?» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ የጎደለ አልነበረም። የጎደለው ከወረቀቱ ውጪ ነበር።

ቁጥሯ የተወለደችው አሜሪካ ነው። ዊሊያም ቤንገን የሚባል፣ ቀድሞ መሐንዲስ የነበረ የገንዘብ አማካሪ በፈረንጆቹ 1994 ያወጣት ናት። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ጡረታ የወጣ ደንበኛዬ በየዓመቱ ምን ያህል ቢያወጣ ገንዘቡ ሳይሞት አያልቅበትም? ለዚህም ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ የአክሲዮንና የመንግሥት ቦንድ ታሪክ ዘረጋ። ገንዘቡን ግማሽ አክሲዮን፣ ግማሽ ቦንድ አደረገና በየዓመቱ ጡረታ የሚወጣ አንድ ሰው እያሰበ አሰላ። የመጀመሪያውን ዓመት አራት በመቶ ያወጣ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የዋጋ ንረቱን ያህል እየጨመረ ያወጣ ሰው፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ ከ30 ዓመት በፊት ገንዘቡ ያለቀበት ጊዜ አላገኘም። ከሁሉም የከፋው በ1960ዎቹ አጋማሽ ጡረታ የወጣው ነበር፤ የአሜሪካ አክሲዮን ወድቆ ኑሮ የተወደደበት ዘመን ደረሰበትና ለጥቂት ተረፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ሕጉ «በየዓመቱ ካለህ ገንዘብ አራት በመቶ አውጣ» አይደለም። አራት በመቶ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያ የምታወጣው ኑሮህን ነው፤ ጤፍ ሲወደድ አንተም ወጪህን ትጨምራለህ፣ የገንዘብህ ሁኔታ ምንም ቢሆን። ስለዚህ ሕጉ ደህና የሚሆነው ገንዘብህ ከጤፍ እኩል ወይም ከጤፍ ፈጥኖ ካደገ ብቻ ነው።

የእኔ ወዳጅ ገንዘብ የት ነው? ባንክ፣ በቁጠባ ደብተር። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በጊዜ ገደብ ካስቀመጡትና ከተደራደሩ ከዚያ በላይ ይገኛል፤ ተራው ደብተር ግን እዚያው አካባቢ ነው። የዋጋ ንረቱስ? በፈረንጆቹ 2022 የዓመቱ አማካይ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀንሷል። እኔ ለወዳጄ ስል አሳነስኩለትና 15 በመቶ ብዬ አሰላሁ። ወለዱ 7፣ ንረቱ 15።

በየመስከረሙ የዓመቱን ወጪ ያወጣል፣ የቀረው ወለድ ይወልዳል። የመጀመሪያውን ዓመት 240 ሺህ አውጥቶ 5 ሚሊዮን 760 ሺህ ቀረው። ወለዱ ሲጨመር 6 ሚሊዮን 163 ሺህ። ጉድ በሉ! በልቶም ገንዘቡ ጨመረ። በሁለተኛው ዓመት ያው ኑሮ 276 ሺህ ይፈጃል፤ ደብተሩ ግን አሁንም ወደ 6 ሚሊዮን 300 ሺህ ይወጣል። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 6 ሚሊዮን 461 ሺህ ላይ ይደርሳል። በዚያ ጊዜ አግኝታችሁ ብትጠይቁት «አራት በመቶ ተዓምር ናት» ይላችኋል።

ግን ያ 6 ሚሊዮን 461 ሺህ ምን ይገዛል? ዛሬ በ3 ሚሊዮን 200 ሺህ የሚገዛውን ብቻ። ደብተሩ ሲወፍር ገንዘቡ በግማሽ ከስቷል። ከስድስተኛው ዓመት ጀምሮ ቁጥሩም መውረድ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ እንደ ሊማሊሞ ቁልቁለት። በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ 5 ሚሊዮን 130 ሺህ፣ በአሥራ ሁለተኛው 3 ሚሊዮን ተኩል፣ በአሥራ አራተኛው 1 ሚሊዮን 35 ሺህ። በአሥራ አምስተኛው ዓመት መስከረም፣ ዛሬ በ240 ሺህ የሚኖረው ኑሮ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ገደማ ይጠይቃል። የለም። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ኪሱ ባዶ ሆነ ማለት ነው፤ የሌላው ሰው ጡረታ ሊደርስ ገና አሥር ዓመት ሲቀረው።

ወዳጄ ይህን ሲያይ «እንግዲያው ቀበቶዬን አጠብቃለሁ። በሁለት በመቶ፣ በወር በ10 ሺህ እኖራለሁ» አለኝ። እሱንም አሰላን። ወጪው በግማሽ ሲቀንስ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል ብሎ ነበር የጠበቀው። አልሆነም፤ ከ14 ዓመት ወደ 21 ዓመት ብቻ ነው ያደገው። ወጪ ብትቀንስም ሳይነካ የተቀመጠውን ራሱን ንረቱ ይበላዋል፤ ይበልጥ ያስቀመጥከው ይበልጥ ይበላልሃል።

እስቲ አሁን ገንዘቡን በሆነ ዘዴ ከንረቱ እኩል እንዲያድግ አደረገው እንበል፤ ከዚያ በላይ ሳይሆን እኩል ብቻ። ያኔ ሒሳቡ የልጅ ሒሳብ ይሆናል። በየዓመቱ አራት በመቶ ቢወጣ መቶው በ25 ዓመት ያልቃል፤ ሁለት በመቶ ቢወጣ በ50 ዓመት። ከ35 ላይ 25 ሲደመር ስድሳ ነው። አያችሁ? እኩዮቹ የጡረታ ደብተራቸውን በሚቀበሉበት ዓመት እሱ የመጨረሻውን ብር ያወጣል። ሁለት በመቶ ግን እስከ 85 ያደርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት በመቶ ላውጣ?» አይደለም፤ «ገንዘቤ ከንረቱ ጋር እኩል ይራመዳል ወይ?» ነው። ያ ካልተመለሰ በመቶው ምንም ቢሆን ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ድክመት የዕድሜ ጉዳይ ነው። ቤንገን ያሰበው ስድሳ፣ ስድሳ አምስት ዓመቱ ላይ ሥራ ያቆመን ሰው ነው፤ 30 ዓመት ለእሱ ይበቃዋል። በ1998 ቴክሳስ ያሉ የትሪኒቲ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተመሳሳይ ጥናት ሲያወጡም ያዩት እስከ 30 ዓመት ድረስ ያለውን ነው። በ35 ሥራ ያቆመ ሰው ግን 50 እና 55 ዓመት ሊኖር ይችላል። ዕድሜና መስታወት አይጠገብም ይባል የለ! ገንዘቡ አሜሪካ ተቀምጦ እንኳ ቢሆን፣ ለእንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ ብዙ አጥኚዎች ቁጥሯን ወደ ሦስትና ሦስት ተኩል ያወርዷታል። ደግሞም አሜሪካዊው ሲያረጅ ከመንግሥት የሚደርሰው ጡረታ አለው፤ ገንዘቡ ቢሳሳ ያ ይደግፈዋል። አረብ አገር የሠራው ወዳጄ እዚህ ጡረታ አልከፈለምና ኋላ የሚጠብቀው ድጋፍ የለም።

ሦስተኛው ድክመት የዓመታት ቅደም ተከተል ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ ዳባትና ወገራ ደጋ እንውጣ። ሁለት ገበሬዎች መቶ መቶ በግ አላቸው እንበል። ሁለቱም ለኑሮ በየዓመቱ አሥር አሥር በግ ይሸጣሉ። አንዱ ዓመት ደግ ነው፣ በጉ እጥፍ ይሆናል። አንዱ ዓመት ክፉ ነው፣ ግማሹ ያልቃል። ምንም ባይሸጡ ኖሮ ክፉው ቢቀድም ደጉ ቢቀድም ሁለቱም በመጨረሻ መቶ በግ ይኖራቸው ነበር።

አሁን ግን ይሸጣሉ። ደጉ ዓመት የቀደመለት አሥር ሸጦ ዘጠና ቀረው፤ ዘጠናው መቶ ሰማንያ ሆነ። በዓመቱ አሥር ሸጦ መቶ ሰባ፤ ክፉው ዓመት መጥቶ ሰማንያ አምስት አደረገበት። ክፉው ዓመት የቀደመበት ደግሞ ከዘጠናው አርባ አምስት ቀረው። አሥር ሸጠና ሠላሳ አምስት፤ ደጉ ዓመት ሲመጣ ሰባ ሆነ። አንዱ 85፣ አንዱ 70። ድካማቸው እኩል፣ ዕድላቸውም ቢደመር እኩል፤ ልዩነቱ የቱ ዓመት ቀደመ ነው። በክፉ ዓመት ከቀነሰው መንጋ ላይ የሸጥካቸው አሥሩ በጎች ደጉ ዓመት ሲመጣ የሚወልዱ ነበሩ። የደጋ ገበሬ ይህን ሳይነገረው ያውቃል፤ ክረምት ቢከፋበት እንኳ የዘር ገብሱን ላለመብላት የሚጨነቀው ለዚህ ነው።

በወጣትነቱ ጡረታ የወጣ ሰው ላይ የሚያስፈራውም ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስትና አሥር ዓመታት ክፉ ከሆኑ፣ ኋላ ደግ ዘመን ቢመጣ የሚያረባ መንጋ አይኖረውም። የእኛ አገር ክፉ ዓመት ደግሞ ሳያስታውቅ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት ዶላሩን ሁሉ ወደ ብር ለውጦ ጡረታ የወጣ ሰው ክፉው ዓመት ቀደመበት ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ሲደርስ ደግሞ ስንት ሰው ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት ገባ። በወር 20 ሺህ ብሎ ያሰላ ሰው፣ አክስቱ ከነልጆቿ ደጁ ላይ ብትቆም «በጀቴ አይፈቅድም» ይላታል? አይልም። ፈረንጁ ሒሳብ ውስጥ አክስት የለችም።

አንባቢ እዚህ ላይ «እሺ፣ ባንክ ከከሰረ ቤት ሠርቶ ማከራየት ነዋ» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፤ የቤት ኪራይ ከኑሮው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ከቁጠባ ደብተር ይሻላል። ዳሩ ግን ሀብትን በሙሉ አንድ ከተማ፣ አንድ ግድግዳ ላይ ማድረግ የራሱ ጣጣ አለው። ለቱሪስት ብለው ጎንደር ውስጥ ማረፊያ የከፈቱ ሰዎች ኮሮና በመጣ ጊዜ፣ ቀጥሎም የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሳው ግጭት እንግዳውን ሲያስቀርባቸው ምን እንደሆኑ ጎንደሬ ያውቃል። ራቅ ካልን ደግሞ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። በኪራይ አርፈው ሊኖሩ ያሰቡ ሰዎች በአንድ ቀን አዋጅ ተከራይ የሌላቸው ሆኑ። በዚያው ዓመት ባንኮችም ተወርሰዋል።

አክሲዮንስ? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን በይፋ የጀመረው ጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን ቤንገን ቁጥሯን ለማግኘት የብዙ አሥርት ዓመታት መዝገብ ነበረው። እኛ ያ መዝገብ የለንም። የለንምና «በታሪክ ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ለብር አይሠራም። ፈረንጅ አገርም ቢሆን ሁሉም አሜሪካ አይደለም። ዌድ ፋው የሚባል ተመራማሪ በ2010 ያንኑ ሒሳብ በ17 ያደጉ አገሮች ታሪክ ላይ ሲሞክረው ቁጥሯ በአብዛኞቹ አልቆመችም። ጦርነትና የዋጋ ንረት ባደቀቃቸው በጃፓንና በጣሊያን በጣም ዝቅ ብላ ተገኘች። አራት በመቶ የተፈጥሮ ሕግ አይደለችም፤ የአንድ ዕድለኛ አገር ትዝታ ናት።

እንግዲህ ወዳጄን ምን አልኩት? ሕልሙን ጣል አላልኩትም። ሦስት ነገር ተነጋገርን።

አንደኛው፣ በየመስከረሙ የሚሠራ አንድ ማካፈል ነው። የዓመቱን ወጪ ለዚያን ቀን ላለው ገንዘብ ማካፈል። በፊተኛው ሒሳብ ብንሞክረው የመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ ነበር፤ ከዚያ አራት ተኩል፣ አምስት፣ አምስት ከሰባት፣ ስድስት ተኩል፣ በስድስተኛው ዓመት ሰባት ተኩል። ደብተሩ «ጨመርኩ» እያለ ሲዋሽ ይህ ቁጥር ከሁለተኛው መስከረም ጀምሮ እውነቱን ይናገር ነበር። ሁለት መስከረም በተከታታይ ከጨመረ ነገር ተበላሽቷል፤ ያኔ በ37 ዓመቱ ሥራ መፈለግ ይችላል። በ49 ግን አሥራ አራት ዓመት ገመድ ያልነካ ኤሌክትሪሺያን ማን ይቀጥራል? ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል።

ሁለተኛው፣ ገንዘቡን መበተን ነው። የሁለት ዓመት ወጪ ባንክ ይቀመጥ፤ እሱ ጎተራ ነው፤ ንረቱ ትንሽ ቢበላውም በክፉ ዓመት በግ እንዳይሸጥ ያደርጋል። የቀረው ከኑሮ ጋር አብሮ በሚወጣ ነገር ላይ ይሁን፤ ግን አንድ ቦታ አይከመር።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ሥራን ጨርሶ አለመተው። ወዳጄ እጁ ላይ ሙያ አለ። የኤሌክትሪክ ሥራ ክፍያ ጤፍ ሲወደድ አብሮ ይወደዳል፤ ስለዚህ ንረት የማይበላው ሀብቱ ባንክ ያለው ሳይሆን ክንዱ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሠርቶ በወር 10 ሺህ ቢያገኝ ከገንዘቡ የሚያወጣው ሁለት በመቶ ብቻ ይሆናል። ያም ገንዘቡ ከንረቱ እኩል ከተራመደ 50 ዓመት ነው።

ትንሽ አኮረፈ። «ታዲያ ይኼ ጡረታ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ግን አለቃ የለውም፣ ደባርቅ እናቱን በፈለገ ጊዜ ያያል፣ ክረምት ሲከፋ ሥራውን ያበዛል፣ ሲደላው ይቀንሳል። ውሉን አላደሰም። አዘዞ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ገመድና ማብሪያ ማጥፊያ ሰቅሎባታል። ከገንዘቡም ከፊሉን ከአጎቱ ልጅ ጋር ሆኖ ወፍጮ ቤት ላይ አውሎታል፤ ወፍጮው ያዋጣው አያዋጣው ገና አልታወቀም። የመጀመሪያውን ማካፈል በሚመጣው መስከረም ይሠራል። የሚወጣውን ቁጥር እኔም እጠብቃለሁ።

ቸር ሰንብቱ!